ቀስቷ ትኑርልን

ሰሞኑን ምስጋና ያልቀረበላት ባለውለታ ማን ናት ብዬ ሳስብ የመጣችልኝ ያቺ ቢጫ ቀስት ናት። ታውቋታላችሁ። ጌም ስትጫወቱ በስክሪኑ ጥግ፣ ትንሿ ክብ ማፕ ላይ የምትቀመጠው። ሰፊ ዓለም ተሠርቶላችኋል፤ ተራራው፣ ወንዙ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ ሁሉ አለ። ዐይናችሁ ግን ከሷ አይነቀልም። አርባ ሰዓት ተጫውታችሁ ያያችሁት የሳንቲም ስፋት ያላት ክብ ናት። ተራራውን ሲሠራ ወገቡ የተቆረጠው ልጅ ቢከፋው ይክፋው። አንገታችሁን ቀና ከማድረግ ድካም አድናችኋለች።

እኔም የሙያው ሰው ነኝ። በትንሽ ቡድን ኦፕን ወርልድ ጌም እየሠራን ነው፤ የኔ ድርሻ ማፑ ነው። የመጀመሪያው ቦታ ቀላል ነው። አንድ መንደር አለ፣ ፊት ለፊቱ ጉብታ፣ ከጉብታው ጀርባ የፈረሰ ግንብ። ተጫዋቹ ከመንደሩ ወጥቶ ግንቡ ጋ መድረስ አለበት። በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። ግንቡ ላይ አይከን ሰቀልኩ፣ ቀስቷን ወደዚያ አዞርኩ፣ ቡናዬን ጠጣሁ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ጎበዝ ነው ይሉታል። ጎበዙ እዚያችው ቦታ ላይ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ምን ሲሠራ? ጉብታ ሲገፋ!

መጀመሪያ መንደሩ በር ላይ ቆሞ በተጫዋቹ ዐይን አየ። ግንቡን ጉብታው ውጦታል። ስለዚህ ጫፉ ብቻ ከጉብታው በላይ ብቅ እንዲል ግንቡን ከፍ አደረገው። ከኋላው የነበሩትን ዛፎችም ነቀላቸው። ምን አደረጉህ ብለው፣ "ጋሼ፣ ከጀርባው ዛፍ ካለ ከሩቅ ሲታይ አንድ ላይ ይደበላለቃል። ባዶ ሰማይ ላይ ሲሆን ግን ቅርጹ ይለያል" አለኝ። ከዚያ የግንቡን አንድ ወገን አፈረሰው። ድፍን ክብ ከሆነ ከየትም ቢታይ ያው ነው፤ ጎዶሎ ከሆነ ግን ተጫዋቹ በየት በኩል እንደቆመ ያውቅበታል። እኔ አንዲት ቀስት ያዞርኩበትን ሥራ ሰውዬው ግንብ እያፈረሰ ይሠራዋል።

ቀጥሎ መንገዱን አጣመመው። ቀጥ ብሎ መሄድ ሲቻል ጉብታውን በግራ እንዲዞር አደረገው። ስትሄዱበት ግንቡ ይሰወራል። ትንሽ ቆይቶ ከጉብታው ጥግ ጭስ ይታያል። ጭሱን ብላችሁ ስትታጠፉ እረኛ እሳት ዳር ተቀምጧል፤ ከኋላው ደግሞ ግንቡ ግዙፍ ሆኖ ይመጣባችኋል። እስካሁን ጫፉን ብቻ ነበር ያያችሁት። "ሲጠፋ ነው የሚፈለገው" ይላል ልጁ። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ቀስቷ ጠፍታ አታውቅም።

ቀኑን ሙሉ ያነታረከን ግን የጉብታው ዳገት ነው። ዳገቱ ሠላሳ ዲግሪ ገደማ ስለነበር መንገዱን ትቶ ጉብታው ላይ ቀጥ ብሎ መውጣት ይቻላል። የምንሠራው ዩኒቲ በሚባል የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ እዚያ ባለታሪኩ የሚወጣው ዳገት `Slope Limit` በሚባለው ይወሰናል፤ ሳይነኩት 45 ነው። ልጁ ያቺን ቁጥር አልነካም። የጉብታውን ፊት ወደ ሃምሳ አቁሞ ድንጋይ አለበሰው፤ ሲያዩትም የማይወጣ ይመስላል። በቀኝ በኩል እርምጃ የሚያዘገይ ረግረግ አደረገ። በግራ ለጥ ያለ ሣር። ማንም ማንንም አልከለከለም፤ ሰው ግን በግራ ይሄዳል። ረግረጉን ደፍሮ ላቋረጠው ደግሞ ወዲያ ማዶ ትንሽ ሳጥን ደብቆለታል።

እኔ ብሆን በማይታይ ግድግዳ ዘግቼው እገላገል ነበር። ተጫዋቹ አየር ጋ ይላተማል፣ እግሩ እየሮጠ ባለበት ይቆማል፣ ሕይወት እንዲህ መሆኗን ይማራል።

በመጨረሻ ሙከራ አደረግን። ልጁ ቀስቷንም፣ ማፑንም፣ አይከኑንም አጥፍቶ ሰባት ሰዎች አስቀመጠ። አፉን አይከፍትም። የት እንደቆሙና ካሜራውን ወዴት እንዳዞሩ ብቻ ይጽፋል። ከሰባቱ አምስቱ በቀጥታ የሄዱት ወደ መንደሩ የውኃ ታንከር ነው! ታንከሩ ከግንቡ ይረዝማል፣ ነጭ ቀለሙም ያበራል። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሱ ታንከሩን ዝቅ አድርጎ፣ አደብዝዞ፣ ዛፍ ጋረደበት። ሌሎች ሰባት ሲያመጣ ስድስቱ ግንቡ ጋ ደረሱ። አንዱ ዶሮ ሲያባርር ቀረ።

"ሌሊት ሲሆንስ?" ብዬ ያዝኩት። ግንቡ ጫፍ ላይ እሳት ለኮሰ። "ጭጋግ ሲሆንስ?" ስለው ግን ዝም አለ። በጭጋግማ ግንቡ አይታይም፤ እዚያ ቦታ ላይ ጭጋግ እንዳይወርድ አስደረገ። አያችሁት? አየር ንብረት ድረስ ሄዷል።

የኔን ስንሞክር ሰባቱም ደረሱ፤ መቶ ፐርሰንት! እውነት ነው፣ ቀስቷ የምትጠቁመው ቀጥታውን ስለሆነ አንዱ የጉብታው ድንጋይ ላይ እንደ ፍየል ሲዘል ቆይቷል። ሲጨርሱ ልጁ "ግንቡ ምን ይመስላል?" ብሎ ጠየቃቸው። "ግንብ ነበር እንዴ?" አለች አንዷ። እንግዲህ ከዚህ በላይ መሰጠት ምን አለ?

ይህ በሽታ የልጁ ብቻ አይደለም። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ላይ ዲዝኒላንድ የተባለውን መዝናኛ ፓርክ ሲከፍት፣ በዋናው ጎዳና መጨረሻ ቤተ መንግሥት ያቆመው ሰው ወደዚያ እንዲሳብ ብሎ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር "ዊኒ" ይለው ነበር፤ ውሻ የሚከተለው ቋሊማ እንደማለት። ቤተ መንግሥቱ 23 ሜትር ብቻ ነው፤ በጎዳናው ጫፍ ብቻውን ስለቆመ ግን በቂ ነበር።

ጃፓኖቹ ደግሞ ባሰባቸው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ የተባለ ጌም ሲሠሩ መጀመሪያ በማማዎች ብቻ ሊመሩ ሞከሩ። ሞካሪዎቹ ከማማ ወደ ማማ እየተመላለሱ የተነዱ መሰላቸው። ከዚያ ምድሩን በሦስት ማዕዘን ቅርጾች ሞሉት። ትልቁ ከሩቅ ይጠራል፣ መካከለኛው ይጋርዳል፣ ትንሹ መንገዱን እየሰባበረ ምት ይሰጠዋል። ሦስት ማዕዘን ጉብታ ላዩን መውጣት ወይም ዙሪያውን መሄድ ያስመርጣል፤ ከጀርባው ያለው ደግሞ ቀስ እያለ ይገለጣል። አገር ሙሉ ጉብታ! በዚያ ልፋት ስንት አይከን ይሰቀል ነበር?

እኛም እንደነሱ ነበርን፣ ተመስገን አለፈ። "ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብለህ፣ ትልቁን ዋርካ ስታይ ወደ ቀኝ፣ ሰማያዊ በር" ይባል ነበር። አሁን ሹፌሩ ስልኩ ላይ ያለችውን ቀስት እያየ ይመጣል። ባለፈው በራችን ላይ ቆሜ በሁለት እጄ እያውለበለብኩለት አለፈኝ። ደውሎም "ደርሻለሁ ጋሼ፣ አልታዩኝም" አለኝ።

ለማንኛውም፣ አለቃችን ሁለቱም ይኑር ብሏል። ግንቡም አለ፣ ቀስቷም አለች፤ የፈለገ ያጠፋታል። ማጥፊያውን የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ሴቲንግ ውስጥ፣ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች አድርጌዋለሁ። ወደዚያ የሚጠቁም ቀስት የለም።