ውስጡንና ውጪውን በስም ሳንለይ አናባዛ

«መምህር፣ የውጪውንም የውስጡንም ዴሪቬቲቭ ወስጄ አባዝቻለሁ፤ ታዲያ መልሱ ለምን ተሳሳተ?»

ይህን የጠየቀችኝ አራት ኪሎ አካባቢ የማስጠናት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የተሰጣት ፋንክሽን y = sin²(3x) ሲሆን፣ ደብተሯ ላይ የሰፈረው መልስ ደግሞ 6cos(3x) ነበር። «ሳይን ስኩዌር»ን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥራ ውጪ አለችው፤ ወደ 2cos ቀየረችው። 3xን ውስጥ አለችው፤ 3 አወጣችበት። ከዚያም አባዛች። የተነገራትን ሕግ ቃል በቃል ፈጽማለች። ስለዚህ ጥፋቱን በእሷ ላይ አልጭንም፤ የሰንሰለት ሕግን ስናስተምር እኛ መምህራን በየክፍሉ የምንደጋግመው «የውጪው ሲባዛ በውስጡ» የሚለው አባባል ነው ያሳሳታት።

አባባሉ ውጪው የት እንደሚጀምር አይናገርም። sin²(3x) ሲጻፍ ስኩዌሩ ከሳይኑ ጎን ስለሚቀመጥ ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። xን ይዘን ብንነሳ መጀመሪያ በ3 እናባዛዋለን፣ ከዚያ ሳይኑን እንወስዳለን፣ በመጨረሻ ያገኘነውን በራሱ እናባዛለን። በመጨረሻ የተሠራው ሥራ ነው ውጨኛው። ስለዚህ ተማሪዎቼን ከማንኛውም ዴሪቬቲቭ በፊት ይህን አስጽፋቸዋለሁ፦

```
u = 3x
v = sin u
y = v²
```

አሁን እያንዳንዱ መስመር አንድ ሥራ ብቻ ይዟል። የየመስመሩ ዴሪቬቲቭ ከታች ወደ ላይ 2v፣ cos u እና 3 ነው። ሲባዙ 2v · cos u · 3 ይሆናሉ፤ ስሞቹን በየባለቤቶቻቸው ስንተካ 6 sin(3x) cos(3x) እናገኛለን። ተማሪዋ የጠፋባት sin(3x) ከ2v ውስጥ የሚወጣው ነበር። ስም ያልሰጠችው ነገር ሳታየው አመለጣት።

ለምን እንደምናባዛም በቁጥር ማሳየት ይቻላል። x = π/12 ላይ እንቁምና በ0.01 ብቻ እንጨምር። u ሦስት እጥፍ ስለሚሄድ 0.03 ይጨምራል። እዚያ ቦታ ላይ cos u 0.707 ያህል ስለሆነ የv ጭማሪ 0.0212 ገደማ ነው። 2v ደግሞ 1.414 ስለሆነ y ወደ 0.03 ያህል ይጨምራል። ከ0.01 ተነስተን 0.03 ደረስን፤ ዴሪቬቲቩ 3 ነው። የሰንሰለት ሕግ የተባለውም እያንዳንዱ ቀለበት የተቀበለውን ጭማሪ አባዝቶ ለሚቀጥለው ስለሚያቀብል ነው። በዚያው ነጥብ 6cos(3x) 4.24 ያህል ይሰጣል፤ ስህተቱ ያለ ክርክር ይታያል።

አባባሉ የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ፤ የውጨኛው ዴሪቬቲቭ የሚሰላው ውስጠኛው ሳይነካ እንዳለ ተቀምጦ ነው። sin(x²) ላይ cos(2x) ብለው የሚመልሱ ብዙ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ውጪውንም ውስጡንም በአንድ ጊዜ ቀይረዋቸዋል። u = x² ብለው ቢጽፉ ኖሮ cos u · 2x ይሉ ነበር፤ መልሱም 2x cos(x²) ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ የምርጫ ፈተና ሰዓት እንዲህ ያለ ዝርዝር አይፈቅድም ይሉኛል። አልስማማም። ሦስቱን መስመር መጻፍ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ 6cos(3x) ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ ተማሪው ተሳስቶም በሙሉ ልብ ያጠቁረዋል። የለመደ ሰው መስመሮቹን በሐሳቡ ሊይዛቸው ይችላል፤ ገና ያልለመደውን ልጅ ግን ከጽሑፍ ወደ ቃል ሒሳብ ማጣደፍ ተገቢ አይመስለኝም። በእርግጥ ስያሜው ለሁሉም አይሠራም። x² sin x የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ አልገባም፤ የሚፈታውም በብዜት ሕግ ነው።

ተማሪዋ በማግስቱ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። ቤቷ ሆና መልሱን በካልኩሌተር ልታረጋግጥ 15ን እና 15.01ን አስገብታ ልዩነቱን ለ0.01 አካፍላለች፤ ያገኘችው 3 ሳይሆን 0.052 ነው። ካልኩሌተሩ በዲግሪ ላይ ነበር፤ 15 ያስገባችውም π/12 ራዲያን 15 ዲግሪ ስለሆነ ነው። የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን የሚሆነው በራዲያን ሲለካ ብቻ ነው፤ በዲግሪ ከሆነ ማንም ያልጻፈው አንድ ተጨማሪ ውስጠኛ ፋንክሽን አለ፤ x መጀመሪያ በπ/180 ይባዛል። ይህን ስነግራት እርሳሷን አንስታ ከሦስቱ መስመሮች በላይ w = πx/180 ብላ ጻፈች፤ u = 3xን ሰርዛ u = 3w አደረገችው። ከዚያ 3ን በ3.1416 አባዝታ ለ180 አካፈለች። 0.0524 ወጣላት።