ጉርሻ አዋቂው እንግዳችን

ጓደኛዬ ለአንድ ሳምንት ደብረ ብርሃን መጥቷል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዞ ይህን ሁሉ ሥልጣኔ ስላመጣልን ላመሰግነው ይገባል።

መጀመሪያ ሰላምታን አሳጠረልን። እኛ ጋ መንገድ የሚጠይቅ ሰው እንኳ «እንደምን አደሩ» ይላል። መልሱን ይጠብቃል። ስለ ቤተሰቡና ስለ አዝመራው ይጠይቃል፤ ብርዱን አብሮ ያማል፤ ከዚያ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ጊዜ ማባከን ነው! እሱ የመኪናውን መስታወት አራት ጣት ዝቅ አድርጎ «ሥላሴ በየት ነው?» አላቸው አንድ አዛውንትን። ዝም አሉ። ጆሯቸው የከበዳቸው መስሎት ጮኾ ደገመው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን» አሉትና መንገዱን አሳዩት።

«ምን አገናኘው?» አለኝ።

ማግስቱን ጎረቤታችን እትዬ ቡና ጠሩን። የቤቱ አባወራ ሲገቡ «ኖር!» ብለን ተነሣን፤ «በእግዜር» አሉን። እንግዳችን ግን ልብሱ እንዳይጨማደድ ብሎ ይመስለኛል፣ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። እጁን ዘረጋላቸው። ግራው ስልክ ስለያዘ የቀኝ ክንዱን አልደገፈም። ሁለት እጅ ኖሮት በአንዱ ብቻ መሥራት የቻለ ሰው ብርቅ ነው።

እትዬ «በሞቴ!» ብለው ጠቅልለው ሲያጎርሱት «እጅ አለኝ እኮ» አለ። እውነቱን ነው፣ አለው። ቶናም በረካም ሳይጠብቅ አቦሏን ጨልጦ ብድግ አለ። ለእትዬም ውለታ መክፈል አለበትና 200 ብር ስኒው ሥር ትቶ ወጣ። በአፉ ያልተቀበለውን ጉርሻ በብር መለሰው ማለት ነው።

በር ላይ ሳለን ትንሹ ልጅ ብሩን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። «ረስተኸው ነው» አለው። ጓደኛዬ ሳቀና ወደ እኔ ዞሮ «አንሷቸው ነው» አለኝ። 100 ብር ጨምሮ መለሰው። ልጁ ሁለተኛ ሲመጣ 300 ብሩን ከአንድ ኩባያ ቆሎ ጋር ነው ያመጣው። እትዬ ራሳቸው ደጃፍ ቆመው «ልጄ፣ እዚህ እኮ ሆቴል አይደለም» አሉ። እሱ እንደ አድናቆት ወሰደው።

ማታ ሆቴሉ ገባን። ብርዱ ታውቃላችሁ፤ የደብረ ብርሃን ሌሊት ብርድ ልብስ እንጂ ይሉኝታ አይመክተውም። አስተናጋጁ ልጅ ተጨማሪ ብርድ ልብስና አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። አስቀምጦ በሩ ጋ ትንሽ ቆየ። እዚህ ላይ 50 ብር አጥፎ በመዳፉ ማስጨበጥ ማንንም አያስቀይምም።

ጓደኛዬ የእራቱን ደረሰኝ አወጣ። «10 በመቶ ሰርቪስ፣ 15 በመቶ ቫት። ተቆርጦብኛል» አለኝ በጆሮዬ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ እጁን ዘረጋለት። ግራው የቀኝ ክንዱን ደግፏል።

«እንደምን አመሸህ? ቤተሰብ ደህና ነው? አዝመራውስ?»