ስለ ኔጌቲቭ ፊድባክ አንድ እርማት

ስለ አምፕሊፋየር ሲወራ እንዲህ ሲባል ይሰማል፦ «ኔጌቲቭ ፊድባክ ካለ የግቤት ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ የውጤት ሬዚስታንስ ይቀንሳል። አለቀ።»

ወዳጄ፣ ይህ የሚሠራው ከአራቱ የፊድባክ አያያዞች በአንዱ ብቻ ነው። የግቤቱን ነገር የሚወስነው ፊድባኩ የሚመለስበት መንገድ ነው። በሲሪየስ ሲመለስ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ በፓራለል ሲመለስ ግን ይቀንሳል። በውጤቱ በኩል ደግሞ ወሳኙ የምንወስደው ናሙና ነው፤ ቮልቴጅ ከሆነ ይቀንሳል፣ ከረንት ከሆነ ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገልባጩ ኦፕ-አምፕ ላይ ነው። የግቤት ሬዚስተሩ 1 ኪሎ ኦም፣ የፊድባኩ 10 ኪሎ ኦም ይሁን። ፊድባኩ የኦፕ-አምፑን ኔጌቲቭ እግር ዜሮ ቮልት አካባቢ ስለሚይዘው፣ ሲግናል ሰጪው የሚያየው ያቺኑ 1 ኪሎ ኦም ብቻ ነው። አሁን የራሱ ሬዚስታንስ 10 ኪሎ ኦም የሆነ፣ 100 ሚሊቮልት የሚሰጥ ሴንሰር አገናኙ። 10 እጥፍ አድጎ 1 ቮልት እንዲሆን ስትጠብቁ፣ የሴንሰሩ 10 ኪሎ ኦም በ1 ኪሎ ኦሙ ላይ ስለሚደመር የምታገኙት 91 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ብዙዎች እዚህ ጋ ቺፑን ይቀይራሉ፤ ቺፑ ግን ምንም አልሆነም።

ለማረጋገጥ የሴንሰሩን ቮልቴጅ መጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኝታችሁ ለኩ። ከ100 ወደ 9 ሚሊቮልት ገደማ ሲወርድ ታያላችሁ። እንዲህ ላለ ሴንሰር የማይገለብጠውን አያያዝ ተጠቀሙ።