እንቅርትን ከጨው ጋር አታዛምዱ

«እንቅርት የጨው እጥረት በሽታ ነው። ምንጩ ደግሞ ማንኛውም ጨው። ፈተና ላይ እንዲህ አዛምዱት።»

ወዳጄ፣ ለማገዝ ብለህ እንደጻፍከው ይገባኛል፤ ግን አንድ ነገር ተምታቷል። የሚጎድለው ጨው ሳይሆን አዮዲን ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያጥረው፣ አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ «ሥራ፣ ሥራ» የሚል መልእክት ይደጋግምበታል። ታይሮይዱም እያበጠ ይሄዳል።

ጨው ራሱ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። አዮዲን የሚጨመርበት ሁሉም ቤት ስለሚገባ ነው እንጂ ከተፈጥሮው ስላለው አይደለም። የአፋር አሞሌም ሆነ የባሕር ጨው፣ ካልተጨመረበት እዚህ ግባ የሚባል አዮዲን የለውም።

ስለዚህ «ሶዲየም» እና «አዮዲን» ጎን ለጎን ምርጫ ሆነው ከመጡ፣ ሶዲየምን ያከበበ ነጥቡን ጣለ። ምንጭ ከተጠየቃችሁ አዮዲን ያለው ጨው፣ የባሕር ዓሣ፣ ወተት ወይም እንቁላል ብላችሁ መልሱ።

ማጣራት ከፈለጋችሁ የጨው ፓኬቱን ገልብጡና «አዮዲን» የሚለውን ፈልጉ። በቀለምና በጣዕም አይለይም። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። እርጥበትና ሙቀት አዮዲኑን ይቀንሱታል።