የማኪያቶ ትግል ጀግኖቻችን ይክበሩልን!

አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ሂሳብ ሲመጣ የሚነሣውን ትግል ያላየ ሰው ስለ ቸርነት ባያወራ ይሻለዋል። አራት ሰዎች፣ አራት ማኪያቶ፣ 280 ብር። አንዱ የአስተናጋጇን ክንድ ይዟል። ሌላው «በሞቴ!» እያለ ወረቀቱን ከትሪው ላይ ይነጥቃል። ሦስተኛው «አታሳፍረኝ» ብሎ የነጣቂውን እጅ ይጠመዝዛል። አራተኛው ልክ በዚያች ቅጽበት ስልክ ተደውሎለት «ሃሎ? አይሰማም!» እያለ ወደ በሩ ያዘግማል።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ምስኪን ይህን ሳያይ ሞተ። ቸርነትን በአባካኝነትና በንፉግነት መካከል አስቀመጠና ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል የሚሉ ጥያቄዎች ደረደረበት። በጉሮሮ ጉልበት እንደሚለካ ማን ይንገረው?

«ምን ያህል» ላይማ ጭራሽ ያደክማል። መሀል ማለት ሁለት ሲደመር ዐሥር ለሁለት ሲካፈል ስድስት እንደሚባለው አይደለም ባይ ነው። ምናን በሚባለው የጥንት ሚዛን ዐሥር ምናን ምግብ ቢበዛ፣ ሁለት ምናን ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ለሁሉም ስድስት አያዝም፤ ስድስት ለግዙፉ የትግል ስፖርተኛ ለሚሎ ያንሳል፣ ለጀማሪው ይበዛል። ሂሳባችንም እንደዚያው ነው። በወር 60 ሺህ ለሚያገኘው 280 ብር ከቁም ነገር አይገባም፤ 6 ሺህ ለሚያገኘው ግን የሳምንት ታክሲው ነው። ብሩ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ እጅ ልክ፣ በሌላው እጅ ብክነት ይሆናል። ታዲያ በጠረጴዛችን ያሸነፈው ማን ነው? ባለ 6 ሺው! እሰየው፣ ወንድ ነው።

ፈላስፋው ሌላም መፈተኛ አለው፤ ቸር ሰው ሲሰጥ ደስ ይለዋል፣ ቢያንስ አይከፋውም። እየቆጨው የሚሰጥ ከመልካሙ ሥራ ይልቅ ብሩን ይመርጥ ነበር ማለት ነው። ጀግናችን ይህንን ፈተና ካፌው ውስጥ በፈገግታ አልፎታል። የወደቀው መገናኛ ታክሲ ውስጥ፣ ቴሌብሩን ከፍቶ ቀሪውን ሲያይ ነው። አባካኝ ገንዘቡ ሲያልቅበት ከማይገባው ቦታ መውሰድ ይጀምራል የሚባለውም ቢሆን ያለ ነገር ነው፤ ወሩ ሳያልቅ ብድር የሚጠይቀው ያንን ባለ ስልክ ነውና። ለነገሩ አባካኝን ዕድሜና ድህነት ያድኑታል፣ ንፉግ ግን መድኃኒት የለውም ተብሏል። በደመወዛችን ፍጥነት ከሆነ የጀግናው ፈውስ ደጃፍ ላይ ነው።

ፈላስፋው የመከረው የጎበጠ እንጨት እንደሚቃናው ነው፦ ወዴት እንደምታዘነብል ዕወቅና ራስህን ወደ ተቃራኒው ሳብ። ስለዚህ ጯሂው ለአንድ ወር ሂሳብ ሲመጣ እጁን ጠረጴዛው ሥር አድርጎ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ይለማመድ። ባለ ስልኩ ደግሞ ገና ሲገባ፣ ሳይቀመጥ፣ ካሸሯ ጋ ሄዶ ይክፈል።

ይህን ልንነግረው ነበር። እሱ ግን በሩ ላይ ነው፤ አሁንም አይሰማውም።