አንድ ሳፋ ያስገኘው ሱሪ

የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ባለቤቴ ወገቡ ዝቅ ያለ፣ በሰፈራችን «ሎው ዌስት» ይባል የነበረ ጅንስ ሱሪዋን ለልዋጭ ነጋዴ ሰጥታ አንድ ሰማያዊ ሳፋ ተቀበለች። ሳፋው ዛሬም ልብስ ይታጠብበታል። ባለፈው ወር ልጃችን ያንኑ የሚመስል ሱሪ ከቡቲክ ገዝታ መጣች፤ ዋጋውን ስትነግረን ባለቤቴ አንድም ቃል ሳትናገር ዞር ብላ ሳፋውን አየችው። እኔ ግን በቁጣ ፋንታ ጥልቅ አድናቆት ተሰማኝ፤ ምክንያቱም አንድ ሕዝብ በገዛ እጁ በሳፋ የለወጠውን ዕቃ ፋሽኑ በሃያ ዓመቱ እስኪመለስ ጠብቆ፣ «እንዴት ያምራል!» እያለ በብዙ ብር መልሶ ለመግዛት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ለሁሉ የሚሰጥ ጸጋ አይደለም።

የዚህ ሱሪ የዘር ሐረግ ክቡር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 አሌክሳንደር ማክዊን የሚባል ወጣት የለንደን ልብስ ቀያሽ፣ ከኋላ የመቀመጫ መከፈያ እስኪታይ ድረስ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ሱሪ በሞዴሎች አስለብሶ አሳየ። ዓላማው መቀመጫ ማሳየት ብቻ ሳይሆን የሰውነትን ቁመና ማርዘም እንደሆነ ተናግሯል፤ ይህንን ማብራሪያ የሰማ ሰው ግን ጥቂት ነበር፣ ያየው ሁሉ ያየው መቀመጫውን ነውና። በዚያን ጊዜ ለብሶት ታክሲ የተሳፈረ ጤነኛ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። የፋሽን ትርኢት መድረክ ሥራው ግን መሸጥ አይደለም። ሥራው ዓይን ማስለመድ ነው፤ አንድ ጊዜ መቀመጫ ያየ ዓይን በኋላ እምብርት ብቻ ሲያይ «ጨዋ ልብስ ነው» ይላል።

እናም ሱሪው በየደረጃው ጥቂት ጥቂት ጣት ከፍ እያለ ወደ ሕዝብ ወረደ። ዝነኞች ለበሱት፤ በአዲሱ ሺህ ዓመት መባቻ እንደ ብሪትኒ ስፒርስ ያሉ ዘፋኞች በየቪዲዮው እምብርታቸውን አሳይተው ጨፈሩበት፤ ነገሩ የለንደን እብደት መሆኑ ቀርቶ የወጣትነት ማኅተም ሆነ። ከዚያ በኋላ እንደ ሌቪስ ያሉ ትልልቅ ጅንስ ሰፊዎች ስምና ቁጥር ሰጥተው በገፍ አወጡት። ከማክዊን መድረክ እስከ ተራው መደርደሪያ ድረስ ጉዞው ሰባት ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ዛሬ እንዲህ ያለ ዝግመት የለም። በመስከረምና በጥቅምት በፓሪስና በሚላን የሚታየው ልብስ ለሚቀጥለው የፈረንጆች ጸደይ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ራሱ ወደ ሱቅ የሚያደርሰው ወራት ቆይቶ ነው፤ የስፔኑ ዛራ ግን ፎቶግራፉን አይቶ ከንድፍ እስከ መስቀያ በጥቂት ሳምንታት መጨረስ ይችላል። ዋናው ገና በመርፌ ላይ ሳለ ቅጂው ይሸጣል ማለት ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግም የልብስን ቅድ እንደ መገልገያ ዕቃ ስለሚቆጥረው በጥቅሉ አይከላከልለትም። እንዲህ ያለ ወንድማዊ መተሳሰብ በሌላ ንግድ ውስጥ ቢፈጸም ስሙ ሌላ ነበር።

ልጄ በሌለችበት ሱሪዋን በሜትር ለካሁት። ሁለቱ እግሮች ከሚጋጠሙበት ስፌት እስከ ወገቡ ጫፍ ከፊት 19 ሴንቲሜትር ነው፤ ዚፑ ከአመልካች ጣቴ አይረዝምም። ባለፈው ዓመት «ያለዚህ አልወጣም» ብላ የገዛችው ደግሞ 29 ሴንቲሜትር ሆኖ እምብርቷን አልፎ ይወጣል። እንግዲህ የዘመናችን ታላቅ የውበት አብዮት፣ ጎራ ለይቶ የሚያሟግተን ሁሉ፣ የአሥር ሴንቲሜትር ጨርቅ ጉዳይ ነው። ሻጩም ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ቦታ የለውም፤ ወገብ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፣ እግር ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል። ሁሉም ሰው ከፍ ያለውን ከገዛ በኋላ የሚሸጥለት ዝቅ ያለው ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ሃያ ዓመት? መልሱን ለማግኘት የልብስ ቀያሾቹን ዕድሜ መቁጠር ይበቃል። በ2001 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና የታላቅ እኅቷን ሱሪ በቅናት ትመለከት የነበረች፣ እንዳትለብሰውም የተከለከለች ልጅ፣ በ2021 የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ሆና በልብስ ኩባንያ ውስጥ «ምን እናምጣ?» የሚል ስብሰባ ላይ ትቀመጣለች። ያመጣችው ያንን የተከለከለችውን ነው። ገዢዋ ደግሞ ሱሪው ሲለበስ ገና ያልተወለደች ስለሆነች እንደ አዲስ ግኝት ትቀበለዋለች። በመካከል ያለችው፣ ጎንበስ ባለች ቁጥር ሸሚዟን ወደ ታች ስትጎትት የኖረችው፣ ወገቧንም ብርድ ሲመታት የነበረው እናት ምስክር መሆን ትችል ነበር፤ ነገር ግን እናት ስለ ፋሽን የምትሰጠው ምስክርነት በየትኛውም ቤት ዋጋ አግኝቶ አያውቅም። ማስረጃው ሱሪም በሳፋ ተለውጧል።

ይህ ስሌት በፓሪስ በሚገባ ሠርቷል። በጥቅምት 2021 ሚዩ ሚዩ የተባለው የጣሊያናዊቷ ልብስ ቀያሽ የሚውቻ ፕራዳ ፋሽን ቤት ከዳሌ በታች የሚታሰር፣ ጠርዙ ሳይታጠፍ ተቆርጦ የቀረ አጭር ካኪ ጉርድ ቀሚስ አሳየ። ብዙ ሳይቆይ ጉርዱ በየመጽሔቱ ሽፋን ላይ ወጣ፤ ኒኮል ኪድማን ሳትቀር ለብሳው ፎቶ ተነሣች። ወገብ እንዲወርድ ትእዛዝ ወጣ፣ ወረደም።

ለነገሩ ሃያ ዓመት የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ አልፍሬድ ክሮበርና ጄን ሪቻርድሰን ሦስት መቶ ዓመት ያህል የሚሸፍኑ የሴቶች ቀሚስ ሥዕሎችን በማስመሪያ ለክተው፣ የቀሚስ ስፋት ከጥግ ወደ ጥግ ሄዶ ለመመለስ አንድ መቶ ዓመት ገደማ እንደሚፈጅበት በ1940 አሳትመዋል። እንግሊዛዊው የልብስ ታሪክ ሊቅ ጄምስ ሌቨርም በ1937 ባወጣው ሰንጠረዥ፣ አንድ ልብስ ካለፈበት በኋላ በአሥር ዓመቱ አስቀያሚ፣ በሃያ ዓመቱ መሳቂያ፣ በሠላሳ ዓመቱ ደግሞ አዝናኝ እንደሚሆን ደርድሯል። በእርሱ ቢሆን በሃያኛው ዓመት ገና እየሳቅን መሆን ነበረብን። እኛ ሳቁን ዘልለን ገዛን፤ አያቶቻችን መቶ ዓመት የፈጀባቸውን መርሳት በአንድ አምስተኛ ጊዜ ማከናወናችን ሊያኮራን ይገባል።

አንድ ስጋት ነበረኝ፦ ባለቤቴ ሱሪውን ባትለውጠው ኖሮ ልጄ በነጻ ትለብሰው ነበር ብዬ። ሞኝነቴ ነው፤ ሻጮቹ ይህን አስቀድመው አስበውበታል። የያኔው ሱሪ የሚለጠጥ ክር ስለተቀላቀለበት ጭን ላይ ተጣብቆ ከጉልበት በታች ብቻ ይሰፋ ነበር፤ የአሁኑ ግን ክሩ የማይለጠጥ፣ ከዳሌ አጥንት ላይ ተንጠልጥሎ እስከ ጫማ የሚንቦረቀቅ ነው። የእናት ሱሪ ቢገኝ እንኳ «ይሄ እኮ ያ አይደለም» የሚያሰኝ ልዩነት ተትቶለታል፣ ሁለት ጣት ያህል፣ አዲስ ለማስገዛት የሚበቃ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ከበር ተሰማ። ልጄ ባለ 29 ሴንቲሜትሩን ሱሪ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ስትወጣ ባለቤቴ ከኋላዋ ተከተለቻት። በመስኮት የሰማኋት ከነጋዴው ጋር ስትከራከር ነው፤ ከሁለት ሳፋ በታች አልሰጥም ትላለች።