«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» እያላችሁ ስም አትጻፉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። እኔም ከወቀሳው አላመልጥም።

በቅርቡ የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከሱቅ ካሜራ የተወሰደ ፎቶ ተለቀቀ። ኮፍያ ያደረገ ወጣት ነው። ካሜራው ከላይ ስለተሰቀለ የኮፍያው ጥላ ዓይኑን ሸፍኖታል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው አፉና አገጩ ብቻ ነው። «ስልክ ነጥቆ የሮጠ፣ የምታውቁት ጠቁሙን» ይላል። ብዙም ሳይቆይ አንዱ የጎረቤታችንን ልጅ ስም ከነአባቱ ጻፈ። ከዚያ «አዎ፣ ራሱ ነው»፣ «ድሮም እጠረጥረው ነበር»፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እሱ ነው» እየተባለ ቀጠለ። እኔም አገጩን አይቼ በሆዴ «ይመስላል» አልኩና ዝም አልኩ። ልጁ በዚያ ሰዓት ሐዋሳ ነበር። አባቱ የአውቶብስ ትኬቱን ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ሲያሳዩ በሬን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስሙን የጻፉት ሰዎች ውሸታሞች አይደሉም። ከልባቸው አምነው ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

በአሜሪካ የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 በኖርዝ ካሮላይና፣ በርሊንግተን ከተማ፣ ጄኒፈር ቶምሰን የምትባል የ22 ዓመት ተማሪ ቤቷ ውስጥ ተደፈረች። አስተዋይ ልጅ ነበረች። በሕይወት ከተረፍኩ አስይዘዋለሁ ብላ የሰውየውን ፊት ሆን ብላ አጠናችው። በጭላንጭል ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሩን እያየች በአእምሮዋ መዘገበች። ከዚህ የተሻለ የዓይን ምስክር ከየት ይመጣል?

ፖሊስ ስድስት ፎቶዎች አቀረበላት። ደቂቃዎች ወስዳ አንዱን አወጣች፤ የሮናልድ ኮተንን። «ደህና ሠራሁ?» ስትል መርማሪው «በጣም ጥሩ» አላት። ቀጥሎ ሰዎች በአካል ተሰልፈው ቀረቡላት። በሁለት ሰዎች መካከል ትንሽ አመነታችና አሁንም ኮተንን መረጠች። ፎቶውን የመረጥሽው ሰው ራሱ ነው ብለው ነገሯት። ልቧ አረፈ።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡት። ከስድስቱ ፎቶዎች ውስጥም ከሰልፉ ውስጥም የነበረው ኮተን ብቻ ነው። ሰልፉ ላይ ስታየው ፊቱ አዲስ አልሆነባትም። ግን የምታውቀው ከዚያች ሌሊት ነው ወይስ ከፎቶው? አእምሮ ፊቱን ይይዛል እንጂ የት እንዳየው አብሮ አይጽፍም። መርማሪው «ጥሩ» ሲላት ደግሞ ጥርጣሬዋ ጠፍቶ እርግጠኛ ሆነች። ፍርድ ቤት የቀረበችው ያንን እርግጠኝነት ይዛ ነው። ኮተን ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። እስር ቤት ውስጥ ቦቢ ፑል የሚባል እስረኛ ነበር። ከኮተን ጋር በጣም ስለሚመሳሰሉ ሰው አንዱን በሌላው ስም ይጠራ ነበር። በ1987 ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ፑልን ችሎት አምጥተው ፊት ለፊቷ አቆሙት። አይቼው አላውቅም አለች። ጥቃቱን የፈጸመባት ግን እሱ ነበር። በዚያን ጊዜ በአእምሮዋ የነበረው ፊት የኮተን ሆኖ ነበር፤ የፑል ፊት ቦታ አልነበረውም። በ1995 የዲኤንኤ ምርመራ ኮተንን ነፃ አወጣና ወደ ፑል ጠቆመ፤ ፑልም አመነ። ኮተን የታሰረው አሥር ዓመት ተኩል ነው።

«ተጨንቃ ነው፣ ጨለማም ነበር፤ እኔ ግን በቀን ብርሃን ፎቶ እያየሁ ነው» ትሉ ይሆናል። እሺ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። ለተሳታፊዎች ከጥሩ ቪዲዮ የተወሰደ የማያውቁት ሰው ምስል ሰጧቸው፤ አብረው አሥር ፎቶዎች ደረደሩላቸው፣ እሱን ፈልጉ ብለው። የሚያስታውሱት ነገር የለም፤ ሁሉም ከፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። ጊዜም አልተነፈጋቸውም። እንዲያም ሆኖ ከአሥር ጊዜ ሦስቱን ያህል ተሳሳቱ።

ለምን? እኛ በመልክ ጎበዝ የሆንን የሚመስለን እናታችንን ከሩቅ፣ ከጀርባ፣ ከደበዘዘ ፎቶም ስለምንለይ ነው። ግን እናታችንን በሺህ ዓይነት ብርሃን አይተናታል፤ ስትስቅ፣ ስትታመም፣ ስታረጅ። የማናውቀውን ሰው የያዝነው በአንድ ብርሃንና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። የሁለት ታዋቂ የኔዘርላንድ ሴቶችን 40 ፎቶዎች፣ የእያንዳንዳቸውን 20፣ ቀላቅለው «የአንድን ሰው አንድ ላይ አድርጉ» አሉ። ሴቶቹን የማያውቁ እንግሊዞች ሰባት ስምንት ሰው ያህል አድርገው ከፋፈሏቸው። የሀገራቸው ሰዎች ግን ምንም ሳይቸገሩ ሁለት ቦታ አስቀመጧቸው። ፎቶዎቹ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ማወቅ ነው።

ከጎረቤት ሀገር በሆነ አንድ ኤርትራዊ ላይ የደረሰውን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ካርቱም ላይ ተይዞ፣ ሜዲትራኒያን ላይ ስደተኞችን የሚነግደው «ጄኔራሉ» ነው ተብሎ ወደ ጣሊያን ተወሰደ። የእሱና የጄኔራሉ የመጀመሪያ ስም አንድ ነው። የተፈላጊው ፎቶም በመርማሪዎቹ እጅ ነበር። ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚያሳየው ምስል እንደተለቀቀ ጄኔራሉን በአካል የሚያውቁ ስደተኞች «ይሄ እሱ አይደለም» ብለው ጮኹ። ሰሚ አላገኙም። የፓሌርሞ ፍርድ ቤት በሌላ ቀላል ጥፋት ቢቀጣውም፣ ተፈላጊው እሱ አይደለም ብሎ የለቀቀው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ታስሮ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አንድ ፎቶ መቶ ሺህ ሰው ጋ ሲደርስ ከዚያ መሃል ያንን አገጭ የሚመስል ሰው የሚያውቅ አይጠፋም። ይኖራል። ስሙን ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የምናየው ፎቶውን ሳይሆን ስሙን ነው። ከሥሩ ያሉት ሃምሳ «አዎ»ዎች ሃምሳ ምስክር አይደሉም፤ አንዱ ያለውን የሚደግም አንድ ምስክር ናቸው። ፖሊስ በኋላ እውነተኛውን ምስክር ሲጠራ ደግሞ ያ ምስክር ፎቶውን በስልኩ አሥር ጊዜ አይቶታል። እንደ ጄኒፈር ቶምሰን፣ የትኛውን ፊት የት እንዳየው አያውቅም። ስለዚህ ንጹሑን መጉዳት ብቻ አይደለም፤ ጥፋተኛውንም ታስመልጡታላችሁ።

በእውነት ያያችሁት ነገር ካለ ኮመንት ሳታነቡ፣ ከማንም ጋር ሳታወሩ ጻፉት፤ ሰዓቱን፣ ርቀቱን፣ ልብሱን፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ። «ይመስለኛል» ካላችሁ «ይመስለኛል» ብላችሁ ተዉት። ለመርማሪ ስጡት እንጂ ግሩፕ ላይ አትለጥፉት። ሰው ለዩ ተብላችሁ ስትጠሩም «ከእነዚህ ውስጥ ላይኖር ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያስለያችሁ ፖሊስ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይሻላል፤ ባይፈልግ እንኳ ፊቱ ይነግራችኋል።

ስም የጻፋችሁ ደግሞ አጥፉ። ማጥፋት ብቻም አይበቃም፤ በጻፋችሁበት ቦታ፣ በዚያው ግሩፕ «ተሳስቻለሁ፣ እሱ አይደለም» በሉ። በእኛ ግሩፕ እስካሁን እንዲህ ያለ የለም። ዛሬ ማታ እኔ እጀምራለሁ፤ ዝም ያልኩበትን ጭምር ጽፌ። ልጁ አሁንም ወደ ሱቅ ሲወጣ ከእናቱ ጋር ነው።